የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ከምጥ ክፍል ሲነሳ

«ይህን ችግር የት አየሽው?»

ጥያቄውን የጠየቁት በፕሮፖዛል ዲፌንስ ላይ ከእኛ ጋር የተቀመጡ አንድ አንጋፋ ገምጋሚ ነበሩ። ፊታችን የቆመችው የመጨረሻ ዓመት የሚድዋይፈሪ ተማሪ ናት። ርዕሷ አዋላጅ ባለሙያዎች ስለ ፓርቶግራፍ ያላቸው እውቀት፣ አመለካከትና አጠቃቀም ከነተያያዥ ምክንያቶቹ ነው። ስላይዶቿ ንጹሕ ናቸው። አጠቃላይ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የናሙና ቀመር፣ ሁሉም በቦታው አለ። ለዚያች አጭር ጥያቄ ግን የነበራት መልስ «ከዚህ በፊት የተሠሩ ጥናቶች ክፍተት እንዳለ ያሳያሉ» የሚል ብቻ ነበር።

ገምጋሚው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፉ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ይህቺ ልጅ ለወራት ምጥ ክፍል ተመላልሳለች። ሌሊት አድራለች። የፅንስ ልብ ምት ቆጥራለች፣ ሕፃን ተቀብላለች። ችግሩን የት እንዳየች ስትጠየቅ ግን ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ያየውን ጠቀሰች። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ርዕስ በተለምዶ እንዴት እንደሚመረጥ ሁላችንም እናውቃለን። ቀነ ገደቡ ሲደርስ የቀደሙ ተመራቂዎች ጥራዝ ከላይብረሪ ይወጣል። የሆስፒታሉ ስምና ዓመተ ምህረቱ ይቀየራል። «እውቀት፣ አመለካከትና አሠራር» የሚለው ሐረግ ከፊት ይለጠፋል። መጠይቁም ከዚያው ጥራዝ ይመጣል። ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው ብዬ አላምንም። ርዕስ ከዋርድ እንዴት እንደሚነሳ ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው የለም። በኋላ ያማከርኳት አንዲት ተማሪ ያንኑ የቆየ የፓርቶግራፍ ጉዳይ ይዛ እንዴት ወደ ሌላ ጥያቄ እንደደረሰች ልንገራችሁ።

## ጋውን ኪስ የምትገባ ደብተር

በቀጣዩ ዓመት እኔ ጋር የተመደቡትን ተማሪዎች ርዕስ ይዛችሁ አትምጡ አልኳቸው። ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ጋውን ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር እንዲይዙ ጠየቅኳቸው። የሚጻፍባት ያዩት ነገር ነው፣ ከነሰዓቱ። ምን ዘገየ? ምን ጠፋ? ምን ሁለት ጊዜ ተሠራ? ሰው «እዚህ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው» ያለው በምን ላይ ነው? ይቺን የመጨረሻዋን አባባል ስትሰሙ ብዕር አውጡ። ሰው የለመደውን ችግር ሳያስበው የሚናገርባት መንገድ ናት።

ብዙ የሚገኘው ጠዋት ርክክብ ላይ ነው። የሌሊቷ ተረኛ ለቀኗ ተረኛ ስታስረክብ የትኛው አልጋ ላይ ቶሎ እንደምታልፍ፣ የትኛው ቁጥር ላይ እንደምታቅማማ ልብ ብሎ መስማት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ለምጥ ክፍል ሥሩ ያለው በዚያች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በምትፈጅ ርክክብ ውስጥ ነው።

ታሪኳን ልንገራችሁ ያልኳት ተማሪ ይዛ የመጣችው ደብተር ብዙ ነገር ነበረበት። አብረን እያነሳን አብዛኛውን ጣልን። የጣልንበት ምክንያት ለሌላም ስለሚጠቅም ሁለቱን ልጥቀስ።

አንዱ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት ጉዳይ ነበር። ልቧን የነካው እሱ ነው፣ አይፈረድባትም። ይሁንና አንድ ተማሪ መረጃ የሚሰበስብበት ጊዜ ቢበዛ አንድ ወር ያህል ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ በአንድ ወር የሚያጋጥመው ቁጥር ደግሞ ምክንያትን ከምክንያት ለማነጻጸር አይበቃም። ወደ ኋላ ተመልሶ የዓመታትን ቻርት ማገላበጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ጥናቱ የሚቆመው ሌላ ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚታመን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን። ትልቅ ርዕስ ሲያማልል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ይደርሳል። ትልቁም ሳይመለስ፣ በእጅ ያለው ትንሹም ሳይጠየቅ ወሩ ያልቃል።

ሁለተኛው ከተወለዱ በኋላ የሚቀዘቅዙ ሕፃናት ነበር። ይህ ጥሩ ርዕስ ነው። መለኪያው ግልጽ ነው፤ የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ በርዶታል። ሕፃናቱም ብዙ ናቸው። እንቅፋት የሆነው መሣሪያው ነው። ዋርዱ ውስጥ የነበረው ተራ ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የቀዘቀዘውን ሕፃን ከሌላው መለየት አይችልም። ዝቅተኛ ሙቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር እስኪገኝ ይቆይ አልን። መሣሪያው ያላችሁ ግን ይህን ርዕስ አትለፉት።

ከገጹ ግርጌ አንድ አጭር መስመር ቀረች። «ሌሊት፦ የ3ኛ አልጋ ፓርቶግራፍ ባዶ። ጠዋት፦ ሙሉ።»

«ይሄስ?» አልኳት።

«እሱማ ሁሉም የሚያውቀው ነው መምህር። ርዕስ ይሆናል ብዬ አይደለም የጻፍኩት።»

## በሌሊት ባዶ፣ በጠዋት ሙሉ

ፓርቶግራፍ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። የማህፀን በር 4 ሳንቲሜትር ከተከፈተ ጀምሮ የፅንሱ ልብ ምትና የምጡ ብዛት በየ30 ደቂቃው፣ የማህፀን በር አከፋፈት ደግሞ በየ4 ሰዓቱ ይሞላል። የወረቀቱ ጥቅም ያለው እናትየዋ እያማጠች ሳለ ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ታይቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት ነው የተሠራው። ከወለደች በኋላ የተሞላ ፓርቶግራፍ ለሪፖርት ይሆናል፣ ለእናትየዋና ለሕፃኑ ግን ምንም አላደረገም።

እንግዲህ የድሮውን ርዕስ እንየው። መጠይቁ «ፓርቶግራፍ ትጠቀሚያለሽ?» ይላል። ምርጫዎቹ «ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በፍጹም» ናቸው። ሥራዋን የምታከብር አዋላጅ ምን ብላ ትመልሳለች? «ሁልጊዜ» ትላለች። ለእሷ ይህ ውሸት አይደለም። ወረቀቱን ሁልጊዜ ትሞላዋለች። ቻርት እናገላብጥ ብንልም ያው ነው፤ ወረቀቱ ተሞልቶ እናገኘዋለን። ሁለቱም የአጠናን መንገዶች ዋርዱ ደህና ነው ይሉናል። ልጅቷ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በዓይኗ ያየችውን ባዶ ወረቀት አንዳቸውም ሊያዩት አይችሉም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። በፓርቶግራፍ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ የመመረቂያ ጥናት ተሠርቷል። ርዕሱ አልቋል የሚል መምህር ብዙ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ሰልችቶኝ ነበር። ግን ያለቀው ርዕሱ ነው ወይስ የምንጠይቅበት መንገድ?

በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት አብሬያት ገባሁ። ምጥ ክፍሉ ውስጥ በንቁ ምጥ ላይ ያሉ 4 እናቶች ነበሩ። ተረኞቹ አዋላጆች ሁለት ቢሆኑም አንደኛዋ ከአንዲት እናት ጋር ኦፕሬሽን ክፍል ገብታለች። የቀረችው አንድ በዕድሜ የበሰለች ሲስተር ናት። ከአልጋ አልጋ ትሄዳለች፣ ግሉኮስ ትቀይራለች፣ ለአስታማሚ ትመልሳለች፣ ስልክ ታነሳለች። የልብ ምቱን ስትቆጥር አይተናል። ቁጥሩን የጻፈችው ግን በጓንት ካርቶን ክዳን ላይ ነው።

ልጅቷ ትንሽ ፋታ ጠብቃ ጠየቀቻት። «ሲስተር፣ ፓርቶግራፉን መቼ ነው የሚሞሉት?»

«ስትወልድ። ካልሆነም ጠዋት ከርክክብ በፊት።»

«በየ30 ደቂቃው የሚባለውስ?»

ሲስተሯ አልተቆጣችም። እጇን እየታጠበች ዞር አለች። «እስቲ የኔ ልጅ፣ አብረን እንቁጠር። ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደመጣ ለማወቅ እጅሽን ሆዷ ላይ ስንት ደቂቃ ታቆዪዋለሽ?»

«10።»

«ሴቶቹ ስንት ናቸው?»

«4።»

«እንግዲህ አባዢው» ብላ ወደ 2ኛው አልጋ ሄደች።

ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። 4 ጊዜ 10፣ 40 ደቂቃ። ያለው ጊዜ 30 ደቂቃ። የልብ ምቱን በዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ፣ ምጡ እንደለቀቀ ብትቆጥረው እንኳ ሒሳቡ አይገባም። 3 እናቶች ቢሆኑ 30 ደቂቃው ልክ ያልቃል። ያን ጊዜም አዋላጇ መድኃኒት አትሰጥም፣ አታዋልድም፣ ውሃ አትጠጣም ማለት ነው። መመሪያው የሚጠይቀውን ሁሉ በትክክል ላድርግ ብትል አንዲት አዋላጅ የምትችለው ለሁለት እናቶች ነው።

እኔ ይህን ሒሳብ ለዓመታት ክፍል ውስጥ ቆሜ ያስተማርኳቸው ቁጥሮች ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። 10 ደቂቃውም፣ 30 ደቂቃውም በስላይዴ ላይ አሉ። አንድ ላይ አባዝቶ ያሳየን የሌሊቱ ዋርድ ነው። የድሮው ርዕስ የሚጠይቀው አዋላጇ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነው፤ ታውቃለች ወይ፣ ታምንበታለች ወይ? ዋርዱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያቀብላል፤ በአንዲት አዋላጅ ላይ ስንት እናት ሲደርስ ነው ወረቀቱ ባዶ የሚሆነው?

## ጥያቄው ሲጠብ

ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር የሲስተሯን ሒሳብ መጠራጠር ነው። በሥራ ብዛት ነው የሚለው መልስ ልብ ይነካል፣ እውነትም ይመስላል። ግን አንዲት እናት ብቻ ባለችበት ሌሊትስ ወረቀቱ ይሞላል? ካልተሞላ ምክንያቱ ሌላ ነው። ወረቀቱ አልጋው አጠገብ ላይኖር ይችላል። ከመውለዷ በፊት የሚያየው አለቃ ስለሌለ ልማድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ርዕስ ማለት መልሱ በሁለቱም በኩል ሊወጣ የሚችል ነው። መልሱን አስቀድመን ካወቅነው ወር ሙሉ የምንደክመው ለምንድን ነው?

ከዚያ ጠበብን። ፓርቶግራፍ ላይ ብዙ የሚሞላ ነገር አለ፤ የደም ግፊት፣ ሽንት፣ የእንሽርት ውሃ ቀለም፣ የጭንቅላት አወራረድ። ሁሉንም ካልን አንዱንም በደንብ አንለካም። አንዱን መረጥን፣ የፅንሱን ልብ ምት። በየ30 ደቂቃው ስለሚሞላ መዘግየቱ ቶሎ ይታያል። ሕፃኑንም በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው።

«በሰዓቱ» የሚለውንም ቃል መቁረጥ ነበረብን። ተማሪዋ አልጋው ጋ በደረሰችበት ቅጽበት ወረቀቱ ላይ ያለው የመጨረሻ የልብ ምት ከ45 ደቂቃ ካልበለጠ በሰዓቱ ተመዝግቧል አልን። 30 ሆኖ ሳለ ለምን 45? የግድግዳው ሰዓትና የእጇ ሰዓት አይገጥሙም። አዋላጇም ቆጥራ ልትጽፍ እየሄደች ሊሆን ይችላል። 15 ደቂቃ ይቅርታ መስጠቱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋናው ነገር ቁጥሩ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ተቆርጦ ፕሮፖዛሉ ላይ መጻፉ ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ 45ቱን ወደ 60 መሳብ ቀላል ነው፣ ፈተናም አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ አውጥቷል። በእሱ ንቁ ምጥ የሚጀምረው ከ5 ሳንቲሜትር ነው። የድሮዎቹ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመሮችም የሉበትም። ስለዚህ ርዕሱን ከመጻፋችሁ በፊት አልጋው ላይ የተንጠለጠለው የትኛው ወረቀት እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። መጽሐፉ ሌላ፣ ዋርዱ ሌላ ወረቀት ይዘው መጠይቅ ሲዘጋጅ አይቻለሁ።

## አንድን ቻርት ሁለት ጊዜ ማየት

የጥናቱ ልብ ይህ ነው። ተማሪዋ በዕጣ በወጣ ሰዓት ምጥ ክፍል ትገባለች። ለእያንዳንዷ በንቁ ምጥ ላይ ላለች እናት አንድ መስመር ትሞላለች። ስም የለም፣ የሚስጥር ቁጥር ብቻ። የገባችበትን ሰዓት፣ ወረቀቱ አልጋው ጋ መኖሩን፣ የመጨረሻው የልብ ምት የተጻፈበትን ሰዓት ትመዘግባለች። በዚያው ቅጽበት በንቁ ምጥ ላይ ያሉትን እናቶችና ክፍሉ ውስጥ ያሉትን አዋላጆች ትቆጥራለች። ዝርዝሩ ላይ የተመደቡትን አይደለም፣ በዓይኗ የምታያቸውን ነው። ኦፕሬሽን ክፍል የገባችው ሲስተር በዚያች ሰዓት ለምጥ ክፍሉ የለችም።

እናትየዋ ከወለደች በኋላ ያንኑ ቻርት ለሁለተኛ ጊዜ ታየዋለች። እንበል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ስታይ የመጨረሻው ነጥብ የ6 ሰዓቱ ነበር። ጠዋት ስታይ የ6 ሰዓት ተኩል፣ የ7፣ የ7 ተኩልና የ8 ሰዓት ነጥቦች አሉ። እነዚህ 4 ነጥቦች ከ8 ሰዓት ከ10 በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፣ መከራከርም የለም። መጠይቁም ሆነ የቻርት ግምገማው ያላየውን ነገር ሁለት አጫጭር እይታዎች ያሳያሉ።

ለምን ሁለት ጊዜ ማየት አስፈለገ፣ ከተሞላው ወረቀት ብቻ አይታወቅም ወይ ትሉ ይሆናል። ልምድ ያለው ዓይን ይጠረጥራል። የልብ ምቱ ለሰዓታት 140፣ 140፣ 140 እያለ ከሄደ፣ የማህፀን በር አከፋፈቱ የማስጠንቀቂያ መስመሩን ልክ በማስመሪያ ከተከተለ፣ በርክክብ ግርግር ሰዓት እንኳ ነጥቦቹ በትክክል ግማሽ ሰዓት ላይ ካረፉ ያጠራጥራል። ግን ጥርጣሬ ነው። ለምሳሌ ቁጥሮቹ ሁሉ ለ4 የሚካፈሉ ከሆኑ ተፈጠሩ ማለት አይቻልም። አዋላጇ ለ15 ሰከንድ ቆጥራ በ4 አባዝታ ይሆናል። አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ሲገባ ይህ ራሱ የአሠራር ጉድለት ነው፣ ከፈጠራ ግን ይለያል። ተማሪ በጥርጣሬ ሰው እንዲከስ አልፈልግም። ሁለቱ እይታዎች ከዚህ ያድኑታል።

እይታው በዕጣ ይሁን የምልበት ምክንያት አለኝ። ተማሪ ለራሱ ከተተወ የሚሄደው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ዶክተሮቹ ራውንድ ላይ ናቸው፣ ኢንተርኖቹ አሉ፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ወረቀቱም ይሞላል። ችግሩ ያለው ግን ሌሊት ነው። ዕጣው የሌሊት ሰዓቶችንና ቅዳሜና እሁድን ካላካተተ የሚገኘው ውጤት የቀኑ ዋርድ ብቻ ነው።

## ሰው ይበቃል ወይ?

የናሙናው ነገር ብዙ ርዕስ የሚሞትበት ቦታ ስለሆነ በቁጥር እንሥራው። እንበል ሆስፒታሉ ውስጥ በወር 300 እናቶች ይወልዳሉ። ከማዋለጃ መዝገቡ ላይ በቀጠሮ ኦፕሬሽን የወለዱትንና ሕፃኑ ሊወጣ ሲል የደረሱትን ስንቀንስ 180 ቀሩ እንበል። ጥናቱ ሊያያቸው የሚችለው እነዚህን ብቻ ነው። ይህን ቅነሳ ሳይሠሩ 300ውን ይዘው የሚነሱ ተማሪዎች በሁለተኛው ሳምንት ሰው ያጥራቸዋል።

የተለመደው ቀመር ምጣኔው በማይታወቅበት ጊዜ 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑን 5 በመቶ ወስዶ 384 ይሰጣል። ያለን ሕዝብ 180 ስለሆነ ይታረማል፦ 384 ለ(1 + 384/180) ሲካፈል 123 ይሆናል። ለሚጎድለው 10 በመቶ ስንጨምር 136። ከ180 ውስጥ 136ቱን ማየት ለአንድ ተማሪ ብቻውን ከባድ ነው፤ የሠለጠነ አንድ ረዳት ቢኖር ግን በወሩ ውስጥ ይደረሳል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንዲት እናት ሁለት ሦስት ጊዜ ልትታይ ትችላለች። ለዋናው ስሌት ከአንዲት እናት አንድ እይታ ብቻ በዕጣ ይወሰድ። አለዚያ 12 ሰዓት ያማጠች አንዲት እናት እንደ ብዙ ሰው ትቆጠራለች። ሌላው፣ ይህ ቀመር የሚመልሰው «ስንት በመቶው በሰዓቱ ተመዘገበ» የሚለውን ብቻ ነው። ሥራ የበዛበትንና ያልበዛበትን ሰዓት ለማነጻጸር የሁለት ምጣኔዎች ስሌት ያስፈልጋል፣ ከሁለቱ ትልቁ ቁጥር ይወሰዳል። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ጋ ገና በርዕሱ ደረጃ መሄድ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

## አዋላጇ ለምን ታምነናለች?

ልጅቷን ያስፈራት ይህ ነበር። ሲስተሮቹ እንደ ሰላይ ያዩኛል አለችኝ። ፍርሃቷ ልክ ነው። ተማሪ በአዋላጅ እጅ ነው ያለው፤ የልምምድ ደብተሩን የምትፈርምለት እሷ ናት። ስለዚህ መረጃው የሚሰበሰበው የልምምድ ጊዜዋ ካለቀ በኋላ፣ የሚፈርምላት ሰው ከሌለ በኋላ እንዲሆን አደረግን። የአዋላጅ ስምም ሆነ የተረኛ ዝርዝር ቅጹ ላይ አይገባም። ውጤቱ በሰዓትና በሥራ ብዛት እንጂ በሰው አይከፈልም። ይህ ሁሉ ለዋርዱ ኃላፊም ለአዋላጆቹም በስብሰባ ተነገረ፣ ፈቃዳቸውም ተጠየቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰው የሚደብቀው ግን መናገሩ የሚያስቀጣው ሲመስለው ነው።

የሚታይ ሰው ጠባዩን ይቀይራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱ ሁሉ ሊሞላ ይችላል። እኛ ያሰብነው ከወሩ በፊት የአንድ ተጨማሪ ሳምንት እይታ መሰብሰብ፣ ከስሌቱ ግን ማውጣት ነው። ተማሪዋ የዋርዱ አካል እስክትመስል ድረስ መግባት መውጣት አለባት። ይህ ችግሩን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ስለዚህ የሚገኘው ውጤት ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ሊታይ እንደሚችል በጥናቱ ውስንነት ውስጥ ይጻፋል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን አልደራደርም። ልጅቷ አልጋው ጋ ደርሳ የልብ ምቱ ከተጻፈ ሁለት ሰዓት ካለፈው፣ ምልክት አድርጋ ዝም ብላ መሄድ አትችልም። መጀመሪያ ያየችውን ትመዘግባለች፣ ወዲያው ለአዋላጇ ትናገራለች። ቁጠሪልኝ ካለቻት ትቆጥራለች። ከ110 በታች ወይም ከ160 በላይ ካገኘች ቅጹን ጥላ ሰው ትጠራለች። ያቺ እናት በሁለተኛው እይታ ላይ በተለየ ምልክት ትያዛለች፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የእኛ እጅ ገብቶበታል። መረጃው ይበላሻል የሚል ካለ ይበላሽ። ይህ አንቀጽ ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነው ለሥነ ምግባር ኮሚቴ የሄደው።

## ባዶው ሠንጠረዥ

ርዕሱን ለኮሌጁ ከማስገባቷ በፊት የመጨረሻ ያሠራኋት ሥራ ቁጥር የሌለባቸው ሠንጠረዦች ማዘጋጀት ነበር። በግራ በአንዲት አዋላጅ ላይ ያሉ እናቶች ብዛት፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና ከዚያ በላይ። በቀኝ በሰዓቱ የተመዘገበ፣ ያልተመዘገበ፣ በኋላ የተሞላ። ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ። ይዛው ወደ ምጥ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። የጠየቀችውም አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ሠንጠረዥ ቢሞላልዎት ምን ያደርጉበታል?» መልሱ «ምንም» ከሆነ ርዕሱን እንደገና እናስብ ተባብለን ነበር።

ኃላፊዋ ሠንጠረዡን ብዙ ሰዓት አላዩትም። «የሰው ኃይል መጠየቂያ ደብዳቤ ስጽፍ ሁሌ ማስረጃ የለሽም እባላለሁ፣ ይህን አያይዘዋለሁ» አሏት። ከዚያ ብዕር ተቀብለው በባዶው ሠንጠረዥ ጎን አንድ ዓምድ በእጃቸው ጨመሩበት። «ሁለተኛዋ ተረኛ በዚያ ሰዓት ኦፕሬሽን ክፍል ነበረች ወይ?» የሚል ነው። እኛ አዋላጆችን ስንቆጥር አንዷ መጉደሏን እንጂ የት እንደሄደች ለብቻው አልመዘገብንም ነበር። ልጅቷ ቅጿን አስተካክላ ዓምዱን አስገባች፣ ርዕሱንም በዚያው ሳምንት አስረከበች።